ምዕራፍ 7፦ ጎዶሎው ጆንያ

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ በጋላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚዘልቅ መንገደኛ ግራና ቀኙን የሚያየው በጥቁር አፈር ላይ የተዘረጋ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ነው። ኡም ራኩባ የተባለው የስደተኞች ጣቢያ ያለው በዚሁ በገዳሪፍ ግዛት ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከረሃቡ የሸሹ ኢትዮጵያውያንን አስጠልሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፈተ፤ በጥር 2021 ደግሞ ቱናይድባ ተከተለው። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2023 ከጀመረ ወዲህ ገዳሪፍ ራሷ የተፈናቃይ መጠለያ ሆናለች፤ ትምህርት ቤቶቿም ቤት ላጡ ሰዎች ማደሪያ ሆነዋል።

እንዲህ ባለ ቦታ ትምህርት ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የሚያጥረው የመማሪያ ክፍል ነው። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ግማሹ ተማሪ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይማራል። ክፍሎቹ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይሠራሉ። መምህሩ ግን እንደ ክፍሉ በቀን ሁለት ጊዜ ሊሠራ አይችልም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ስንት መምህር እንደሚያስፈልግ፣ ማን የትኛውን ፈረቃ እንደሚይዝና ለምን እንደዚያ እንደተወሰነ በጽሑፍ ማቅረብ ያለበትም ስለዚህ ነው። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ወረቀት ነው። በምዕራፍ 3 የሆስፒታል ነርሶችን የተራ ድልድል ስናይ የሰዓት ጥያቄ ሁሉ ከቁጥር ጥያቄ በኋላ እንደሚመጣ ተመልክተናል። እዚህም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ በትምህርት ቤት ላይ ግን ነርስ የማይገጥማት አንድ ችግር ይጨመራል። የእንግሊዝኛ መምህር የሒሳብ መምህርን መተካት አይችልም።

ድምሩ የሚደብቀው

ለማስረዳት የምጠቀምበት ትምህርት ቤት በወረቀት ላይ የተሠራ ነው፤ መጠኑን የወሰድሁት ግን እንዲህ ካሉት ጣቢያዎች ልክ ነው። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል 28 ሴክሽኖች አሉት እንበል። 15ቱ (7ኛና 8ኛ) ጠዋት፣ 13ቱ (5ኛና 6ኛ) ከሰዓት ይማራሉ። በአንድ ሴክሽን 60 ያህል ልጆች ይቀመጣሉ። የኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ መለኪያ 50 ነው፤ ስደተኛ ጣቢያ ላይ ግን 60 ብርቅ አይደለም። እያንዳንዱ ሴክሽን በቀን 6፣ በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ይማራል። አንድ መምህር በሳምንት ከ25 ክፍለ ጊዜ በላይ እንዳያስተምር ተስማምተናል።

ብዙ ማስታወሻዎች ከዚህ በኋላ የሚያደርጉት አንድ ማካፈል ነው። 28 ሴክሽን በ30 ሲባዛ 840 ክፍለ ጊዜ ይሆናል፤ 840 ለ25 ሲካፈል 33.6 ይመጣል። «34 መምህራን ይበቃሉ» ተብሎ ይጻፍና ወደ በላይ ይላካል። ትምህርት ቤቱ 36 መምህራን ካሉት ደግሞ ሁለት ትርፍ እንዳለው ተደርጎ ይነበባል። መስከረም ላይ ግን የእንግሊዝኛ መምህር የሌላቸው ሦስት ሴክሽኖች ይገኛሉ። ርዕሰ መምህሩ ሲከሰስ፣ መምህራኑ ሰነፎች ሲባሉ ይከርማል። ስህተቱ ግን ያለው በዚያ አንድ ማካፈል ውስጥ ነው።

ገዳሪፍ ገበያ ማሽላ የሚያከማች ነጋዴ ጉዳዩን ሳይማር ያውቀዋል። እህሉን በአንድ መጋዘን ቢያስቀምጥ መጨረሻ ላይ አንድ ጆንያ ብቻ ጎዶሎ ይቀርበታል። በሁለት መጋዘን ቢከፍለው በየመጋዘኑ አንድ አንድ ጎዶሎ ጆንያ ይተርፋል። እህሉ ያው ነው፤ የጆንያው ቁጥር ግን በአንድ ሊጨምር ይችላል። ዓይነቱ ከበዛ፣ ማለትም ማሽላው፣ ሰሊጡ፣ ኦቾሎኒው ለየብቻ ከሆነ፣ ጎዶሎው በየዓይነቱና በየመጋዘኑ ይባዛል። በእኛ ትምህርት ቤት መጋዘኖቹ ሁለቱ ፈረቃዎች ናቸው፤ የእህሉ ዓይነት የትምህርቱ ዓይነት ነው፤ ጆንያው ደግሞ መምህሩ ነው።

እንግሊዝኛን እንይ። በሳምንት 6 ክፍለ ጊዜ አለው። አንድ መምህር 4 ሴክሽን ሲይዝ 24 ክፍለ ጊዜ ይሞላል፤ አምስተኛ ቢጨመርለት 30 ይሆንና ከጣሪያው ያልፋል። ሴክሽን ደግሞ አይቆረጥም፤ ግማሹን ሳምንት አንድ መምህር፣ ግማሹን ሌላ መምህር ቢያስተምር ውጤቱን ማን እንደሚሞላ እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ ጥያቄው በክፍለ ጊዜ ሳይሆን በሴክሽን ይቆጠራል። ጠዋት 15 ሴክሽን ለ4 ሲካፈል 3.75 ነው፤ አራት መምህር ይጠይቃል። ከሰዓት 13 ለ4 ሲካፈል 3.25 ነው፤ እሱም አራት ይጠይቃል። ድምሩ ስምንት ነው። ሁለቱን ፈረቃ አንድ ላይ ብንቆጥር ግን 28 ለ4 በትክክል ሰባት ነው። ስምንተኛውን መምህር የጠየቀው በፈረቃዎቹ መካከል ያቆምነው ግድግዳ ነው።

ሒሳብ ላይ ተመሳሳይ ነገር ብንፈልግ አናገኝም። 5 ክፍለ ጊዜ ስላለው አንድ መምህር 5 ሴክሽን ይይዛል። ጠዋት ሦስት መምህራን 15ቱን በልክ ይሸፍናሉ፤ ከሰዓት ሦስት መምህራን ለ13ቱ ይበቃሉ። ድምሩ ስድስት ነው፤ ግድግዳው ቢፈርስም ስድስት ነው። ማስታወሻው ትምህርቶቹን አንድ በአንድ መዘርዘር ያለበት ለዚህ ነው። ግድግዳው የት ላይ መምህር እንደሚያስወጣና የት ላይ ምንም እንደማያስወጣ የሚታየው ከዝርዝሩ ብቻ ነው።

ሁለቱን ፈረቃ የሚያገናኝ ሰው

ስምንተኛው መምህር አይመጣም እንበል። በጣቢያ ያሉ ብዙ መምህራን ስደተኞች ናቸው፤ የሚከፈላቸውም እንደ መንግሥት መምህር ደመወዝ ሳይሆን የማበረታቻ ክፍያ ነው። ሰው መጨመር በርዕሰ መምህሩ እጅ ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከሰባቱ አንዷ በሁለቱም ፈረቃ ማስተማር አለባት። ሦስት የጠዋት መምህራን 12 ሴክሽን ይወስዳሉ፤ ሦስት የከሰዓት መምህራን 12 ይወስዳሉ። ጠዋት ሦስት፣ ከሰዓት አንድ ሴክሽን ይቀራል። ሰባተኛዋ መምህርት እነዚህን አራት ትይዛለች። ክፍለ ጊዜዋ እንደማንኛውም ባልደረባዋ 24 ነው።

ቁጥሩ እኩል ነው፤ ቀኗ እኩል መሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም። የጠዋቱ ፈረቃ ከ1:30 ጀምሮ በ40 40 ደቂቃ ሦስት ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ ከ3:30 እስከ 4:00 ዕረፍት ነው። በሱዳን ቁርስ የሚበላው ረፈድ ሲል ስለሆነ ይህን ዕረፍት ከግማሽ ሰዓት በታች ማድረግ አያዋጣም። ከዚያ ሦስት ክፍለ ጊዜ ቀጥሎ 6:00 ላይ ያበቃል። ከሰዓቱ ፈረቃ 6:30 ላይ ገብቶ፣ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ሩብ ሰዓት ዐርፎ፣ 10:45 ላይ ይወጣል። ፕሮግራም አውጪው ሳያስብ ሰባተኛዋን መምህርት ጠዋት በመጀመሪያው፣ ከሰዓት በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ቢያስገባት፣ ቀኗ ከ1:30 እስከ 10:45 ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ለከሰዓቷ ሴክሽን በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ከተሰጠ ደግሞ ይህ በሳምንት አምስት ቀን ይደጋገማል። እንዲህ የተደለደለ ሰው ሁለተኛውን ወሰነ ትምህርት ሳያይ ይለቃል። ባይለቅም የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ እየዘለለ ይከርማል፤ ምልክቱ በክፍል ተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ በአንድ ሴክሽን ብቻ የሚደጋገም መቅረት ነው።

መውጫው ሁለቱን ፈረቃ በሚገናኙበት ጫፍ መያዝ ነው። የከሰዓቱ ሴክሽን ስድስት ክፍለ ጊዜዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በሦስት ቀን ይሰጡ፤ ሁልጊዜም የፈረቃው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ይሁኑ። በእነዚህ ሦስት ቀናት ጠዋት የምታስተምረው ከዕረፍት በኋላ ያሉትን ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ብቻ ነው። 4:00 ላይ ትገባለች፤ 6:00 ላይ ትጨርሳለች፤ ግማሽ ሰዓት ዐርፋ ከ6:30 እስከ 7:50 የከሰዓቱን ታስተምራለች። ከመግቢያ እስከ መውጫ ሦስት ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። በጠዋቱ ፈረቃ ብቻ የሚሠራ ባልደረባዋ ከሚቆይበት አራት ሰዓት ተኩል ያንሳል። የጠዋቱ ቀሪ ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ በሌሎቹ ሁለት ቀናት አምስትና አራት ሆኖ ይከፈላል። ትምህርት ቤቱ የሱዳንን ሳምንት ይዞ ከእሑድ እስከ ሐሙስ የሚሠራ ከሆነ፣ አንዱን አርፍዳ የምትገባበትን ቀን እሑድ ማድረግ ይቻላል፤ ቅዳሴ አስቀድማ መምጣት ለምትፈልግ መምህርት ትንሽ ነገር አይደለም።

ፈረቃው በየወሩ ወይም በየወሰነ ትምህርቱ የሚቀያየር ከሆነም ዘዴው አይበላሽም። ሦስቱ ሴክሽኖች ከሰዓት፣ አንዱ ጠዋት ሲሆን የጠዋቱን የመጨረሻ ሁለት፣ የከሰዓቱን የመጀመሪያ ሦስት ትይዛለች። ቀኗ ከ4:40 እስከ 8:30 ይሆናል፤ ያው ሦስት ሰዓት ከ50 ደቂቃ።

ዋጋ የሌለው ዝግጅት ግን አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ልጆቹ ናቸው። የከሰዓቱ ሴክሽን እንግሊዝኛን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ያገኛል፤ እሱም 80 ደቂቃ ተያይዞ፣ በገዳሪፍ ፀሐይ መካከል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እዚያ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያሉ 60 ልጆች ሁለተኛውን 40 ደቂቃ በምን ዓይነት ጆሮ እንደሚሰሙት ለመገመት መምህር መሆን አያስፈልግም። ይህን ማስታወሻው ራሱ መናገር አለበት። ጉዳቱን ደብቆ ጥቅሙን ብቻ የሚጽፍ ማስታወሻ በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ይፈርሳል። በእኔ አስተያየት ያ ሴክሽን ዛፍ ጥላ የሚያገኘውን ወይም ግድግዳው ነፋስ የሚያስገባውን ክፍል ቢያገኝ ሚዛኑ በጥቂቱ ይመለሳል።

ሃያ አራት ከሃያ አራት ሲበልጥ

አሁን ወደ ትንሹ ትምህርት እንምጣ። ሥነ ጥበብ በሳምንት 2 ክፍለ ጊዜ አለው እንበል። አንድ መምህር 24 ክፍለ ጊዜ ለመሙላት 12 ሴክሽን መያዝ አለበት። በ60 ሲባዛ 720 ልጆች ይሆናሉ። የእንግሊዝኛዋ መምህርት በዚያው 24 ክፍለ ጊዜ የምታውቃቸው 240 ልጆች ናቸው። በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ አንዷ 240 ውጤት፣ ሌላው 720 ውጤት በእጅ ይሞላል። በሌላ በኩል ደግሞ የእንግሊዝኛዋ መምህርት የምታርመው ድርሰት ነው፤ የሥነ ጥበቡ መምህር አንድን ሥዕል በጨረፍታ ያየዋል። ማን በለጠ?

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይህን በነጥብ ለመፍታት ይሞክራሉ። ለእርማት ይህን ያህል፣ ለተማሪ ብዛት ያን ያህል ነጥብ ሰጥተው ሁሉን ወደ አንድ ቁጥር ይጠቀልላሉ። አልወደውም። ነጥቡ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ክርክሩ ስለ ሥራው መሆኑ ይቀርና ስለ ነጥቡ ይሆናል፤ የሒሳብ መምህራን ደግሞ ይህን ክርክር ሁልጊዜ ያሸንፋሉ። ከአንድ ቁጥር ይልቅ በየመምህሩ ስም ፊት ሦስት ቁጥር ቢቆም ይሻላል፤ በሳምንት የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ፣ የሚይዛቸው ተማሪዎች ብዛት፣ እና የሚያዘጋጃቸው የተለያዩ የትምህርት ዕቅዶች። 8ኛ ክፍልን ብቻ አራት ጊዜ የሚያስተምር አንድ ዕቅድ ያዘጋጃል፤ 8ኛንና 6ኛን የሚያስተምር ሁለት። ሰባተኛዋ መምህርታችን በሁለቱ ፈረቃ ስለምትሠራ ከሁለት ዕቅድ አታመልጥም። ቢያንስ ሦስቱ የጠዋት ሴክሽኖቿ ሁሉም 8ኛ ወይም ሁሉም 7ኛ ይሁኑላት፤ አለበለዚያ ሦስት ይሆንባታል። የክፍል ኃላፊነትም አይሰጣት።

ሦስቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ መላው ራሱ ይታያል። ሥነ ጥበብ በየፈረቃው ቢታጠር ጠዋት ሁለት፣ ከሰዓት ሁለት፣ በድምሩ አራት መምህር ይፈልጋል። ግድግዳውን የምንሻገር ከሆነ ሦስት ይበቃሉ። ሦስቱን ግን እስከ ጣሪያ መሙላት የለብንም። የጠዋቱ 10 ሴክሽን፣ የከሰዓቱ 9፣ ሁለቱን የሚያገናኘው 5 ከጠዋት 4 ከከሰዓት ቢይዙ፣ ክፍለ ጊዜያቸው 20፣ 18 እና 18 ይሆናል፤ ተማሪዎቻቸው 600፣ 540 እና 540። ስብሰባ ላይ «የሥነ ጥበብ መምህራን ለምን 18 ብቻ?» ብሎ የሚነሣ አይጠፋም። መልሱ እዚያው በሁለተኛው ቁጥር ላይ ተጽፏል።

ሰዓቱን መደርደር

ድልድሉ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ማን በየትኛው ቀን በየትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሚገባ መወሰን ነው። ብዙ ሰው ከባዱ ሥራ ይህ ይመስለዋል። የሃንጋሪው የሒሳብ ሊቅ ዴኔሽ ኮኒግ እ.ኤ.አ. በ1916 ያረጋገጠው ነገር ግን ሊያስገርም ይችላል። በቋንቋችን ስናስቀምጠው እንዲህ ይላል፤ ሳምንቱ 30 ክፍለ ጊዜ ካለው፣ ከ30 በላይ የተሰጠው መምህርና ከ30 በላይ የሚማር ሴክሽን እስከሌለ ድረስ፣ አንድ መምህር በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሳይፈለግ ሁሉንም የሚያስተናግድ ፕሮግራም ሁልጊዜ አለ። ድልድሉ ልክ ከሆነ ፕሮግራሙ አለ ማለት ነው።

ታዲያ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነሐሴን ሙሉ ለምን ይጨነቃል? ኮኒግ ማንኛውም መምህር በማንኛውም ሰዓት ይገኛል ብሎ ስለ ተነሣ ነው። አንዱ «ከዕረፍት በፊት አልችልም» ሲል፣ ሌላው ሐሙስን ሲያስፈቅድ፣ ያ ማረጋገጫ ይፈርሳል። ሺሞን ኤቨን፣ አሎን ኢታይ እና አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳሳዩት፣ መምህራን የማይገኙባቸው ሰዓቶች ሲገቡበት ችግሩ በኮምፒውተርም ፈጣን አጠቃላይ መፍትሔ ካልተገኘላቸው ከባድ ችግሮች ተርታ ይሰለፋል። የሰባተኛዋ መምህርት የ4:00 መግቢያ ራሱ እንዲህ ያለ ገደብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ልዩ ፈቃድ ለእሷና ለሥነ ጥበቡ አገናኝ ይሰጥ፤ የእነሱ ክፍለ ጊዜዎች ከሁሉ ቀድመው በሰንጠረዡ ላይ ይቀመጡ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርደር። ፕሮግራሙ አልገጥም ሲል መመርመር ያለበት የፈቃዶቹ ዝርዝር ነው። አንዱን ፈቃድ ባነሡ ጊዜ ወዲያው ሲገጥም፣ እንቅፋቱ ያ ነበር።

የድንበር አካባቢ ነገር ሆኖ አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ልጨምር። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1 ቀን 2017 ጀምሮ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ጋላባት 1:30 ሲል ድንበሩን ተሻግሮ መተማ 2:30 ነው። ማስታወሻው ሰዓት ሲጽፍ የማንን ሰዓት እንደሚከተል በአንድ መስመር ካልተናገረ፣ ስልካቸውን በአገር ቤት ሰዓት ያቆዩ መምህራን የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ሰዓቱ ሲገቡ ይሰነብታሉ።

ወረቀቱ ራሱ

ጥሩ ማስታወሻ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ አንዱ ገጽ የስም ሰንጠረዡ ነው። በሌላው ገጽ ላይ እያንዳንዱ ውሳኔ ከምክንያቱ፣ ከሚያስከትለው ጉዳትና ከሚከለስበት ጊዜ ጋር ይጻፋል። የእንግሊዝኛው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የእንግሊዝኛ መምህራን ድልድል። ለ28 ሴክሽን 7 መምህራን ተመድበዋል፤ እያንዳንዳቸው 4 ሴክሽን ይይዛሉ። ፈረቃዎቹ ለየብቻ ቢመደቡ 8 መምህራን ያስፈልጉ ነበር፤ ስምንተኛ መምህር ስለሌለ አንዲት መምህርት በሁለቱም ፈረቃ ያስተምራሉ። በሦስት ቀን ከ4:00 በፊት፣ በማናቸውም ቀን ከ7:50 በኋላ አይመደቡም፤ የክፍል ኃላፊነትም የለባቸውም። በዚህ ምክንያት አንድ የ6ኛ ክፍል ሴክሽን እንግሊዝኛን በሦስት ቀን ጥንድ ክፍለ ጊዜ ይማራል። ድልድሉ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሲያልቅ ይከለሳል፤ መምህርቷም በሌላ ይተካሉ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የሚዘነጉ ብዙ ናቸው። አገናኝነት በተራ ካልሆነ ሁልጊዜ የሚወድቀው እንቢ ማለት በማይችለው አዲስ መምህር ላይ ነው።

ከዚህ በታች መጻፍ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ሰው ሲጎድል የሚደረገው። በጥቅምትና በኅዳር ሰሊጥ ሲታጨድ የቀን ሠራተኛ በየእርሻው ይፈለጋል፤ በማበረታቻ ክፍያ የሚኖር መምህር ለጥቂት ሳምንታት ቢጠፋ ሊገርም አይገባም። ከስድስቱ የሒሳብ መምህራን የጠዋቱ አንዱ ሄደ እንበል። የጠዋቶቹ ባልደረቦቹ ጣሪያው ላይ ስለሆኑ አንድም ሴክሽን መቀበል አይችሉም። የከሰዓቶቹ 5፣ 4 እና 4 ሴክሽን ስላላቸው ሁለት ሴክሽን መውሰድ ይችላሉ። ሦስት ሴክሽን፣ 180 ልጅ፣ ያለ ሒሳብ መምህር ይቀራል። የተለመደው ነገር «ተደራጅተው ይሸፍኑ» ማለት ነው፤ በተግባር ሦስቱ ሴክሽኖች ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ ማለት ነው።

ማስታወሻው ግን አስቀድሞ ይህን ሊል ይችላል፤ አንድ የሒሳብ መምህር ከሁለት ሳምንት በላይ ከጎደለ፣ ሒሳብ በሁሉም ሴክሽን ከ5 ወደ 4 ክፍለ ጊዜ ይወርዳል። ያኔ አንድ መምህር 6 ሴክሽን በ24 ክፍለ ጊዜ መያዝ ይችላል፤ አምስት መምህራን 28ቱን ይሸፍናሉ። ከከሰዓቶቹ አንዱ ወደ ጠዋት ይዛወርና ጠዋት ሦስት መምህራን አምስት አምስት፣ ከሰዓት ሁለት መምህራን ስድስት ስድስት ይይዛሉ። የቀረችውን አንድ የከሰዓት ሴክሽን ከጠዋቶቹ አንዱ በጫፍ ይወስዳታል፤ እሱም ስድስት ይሞላለታል። የተረፈው አንድ ክፍለ ጊዜ በየሴክሽኑ የክፍል ኃላፊው ወይም የክፍሉ አለቃ የሚመራው የመልመጃ ሰዓት ይሆናል። ሦስት ሴክሽን ሁሉን ከሚያጣ፣ ሃያ ስምንቱም አንድ አንድ ቢያጡ ይሻላል ብሎ መወሰን ይቻላል፤ አይሻልም የሚል ርዕሰ መምህርም ይኖር ይሆናል፤ 8ኛ ክፍል ፈተና አለበትና ጉድለቱን 5ኛና 6ኛ ይሸከሙ ብሎ ይከራከራል። የትኛውም ቢመረጥ ነሐሴ ላይ፣ የሚጎድለው ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይጻፍ። ኅዳር ላይ ስሙ ከታወቀ በኋላ የሚጻፍ ውሳኔ ስለዚያ ሰው የተጻፈ ይመስላል።